ከኤሲኤል ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው አንድ ዓመት፦ መቼ ይሮጣል፣ መቼ ኳስ ይገባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የተበጠሰውን የጉልበቴን ጅማት፣ ኤሲኤልን፣ በሌላ ጅማት የሚተካ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ አራት ወር ተኩል ሆነኝ። አዲሱን ጅማት የወሰዱት ከኋላ ጭኔ ነው፤ በጉልበት አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ያለው ሜኒስከስህ ደህና ነው ተብያለሁ። አሁን አያመኝም፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እወጣለሁ። ፊዚዮቴራፒ ግን ሁለተኛው ወር ላይ አቁሜያለሁ። የተሠራው ጭኔ ቀጥኗል፤ በሆዴ ስተኛም የዚያኛው እግሬ ተረከዝ ትንሽ ከፍ ይላል። ጓደኞቼ ስድስት ወር ሲሞላህ ኳስ ግባ ይሉኛል። በየወሩ የት መድረስ ነበረብኝ? መቼስ ነው የምጫወተው?

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። ስድስተኛው ወር ላይ ኳስ አትግባ። መጀመሪያ እሱን ልበልህና ወደ ምክንያቱ ልሂድ።

ከጻፍከው ውስጥ ያሳሰበኝ የጓደኞችህ ምክር ብቻ አይደለም። “አያመኝም” እና “ፊዚዮቴራፒ አቁሜያለሁ” የሚሉት ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ነው። እኔ ጋ ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ነገር ነው። ሕመሙ ሲተው ሰው ድኛለሁ ይላል። ሕመም ግን ስለ አዲሱ ጅማት ብዙም አይነግርህም፤ ስለ ጡንቻህ አቅም ደግሞ ጭራሽ አይነግርህም።

ጅማቱ ከኋላ ጭንህ ተወስዶ ጉልበትህ ውስጥ ሲገባ የደም አቅርቦቱ ይቋረጣል። ሰውነት ቀስ በቀስ አዲስ የደም ሥር ያበቅልለታል። የድሮዎቹ ሴሎች ይሞታሉ፣ አዳዲሶች ይተካሉ፣ የጅማቱ ክሮችም እንደገና ይደራጃሉ። በዚህ መሀል ጅማቱ ከገባበት ቀን ይበልጥ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በግምት ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት። እብጠቱ የሚጠፋው፣ ክራንቹ ከአልጋ ሥር የሚገባው፣ ሰውየው ታክሲ ለመያዝ መሮጥ የሚያምረውም በዚሁ ሰሞን ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ጅማቱ መለወጡን አያቆምም፤ ዓመት ይሞላል፣ ከዓመትም ያልፋል። ይህንን ማፋጠን አይቻልም። መጠበቅ ብቻ ነው።

ጡንቻው ግን በመጠበቅ አይመጣም። ዓመት ሙሉ ብትቀመጥ ቀጭኑ ጭንህ ቀጭን እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ በየደረጃው ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ጊዜው ደርሷል ወይ? ጉልበቱስ ፈተናውን አልፏል ወይ? አንዱ ብቻ ተሟልቶ ከሆነ ወደሚቀጥለው አንሄድም።

አሁን ከመጀመሪያው ልነሳ፤ አንተ ጋ የቀረውን ክፍተት የምናገኘው እዚያ ስለሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። ጉልበቱ እንደ ደህናው እግር ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። የፊት ጭን ጡንቻ መንቃት አለበት። እብጠቱም መቀነስ አለበት። መታጠፉ በሁለተኛው ሳምንት ወደ 90 ዲግሪ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ወደ 120። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ግን ስለ መታጠፉ ነው። መታጠፍ ቢዘገይም አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል። መዘርጋት ከዘገየ ግን ጉልበቱ ውስጥ ጠባሳ እየተሠራ ቦታውን ይይዝበታል፤ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ አንፈልግም። ምቾት ይሰጣል፤ ጉልበቱን ግን እንደታጠፈ ያስለምደዋል። ትራሱ ተረከዝ ሥር ነው መሆን ያለበት።

ጡንቻው መንቃቱን የምናየው እግርን ቀጥ አድርጎ በማንሳት ነው። ጀርባህ ላይ ተኝተህ፣ ጉልበትህን ዘርግተህ እግርህን ስታነሳ ጉልበቱ ትንሽ እንኳ እጥፍ ካለ ጡንቻው ገና አልነቃም። ይህ ስንፍና አይደለም። ጉልበት ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ነርቩ ለጡንቻው የሚልከው ትእዛዝ ይዳከማል። ሰውየው በሙሉ ኃይሉ እየገፋ ጭኑ አይነሳለትም። እብጠቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምንታገለውም ለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ባት ላይ የሚጨምር ሕመምና እብጠት፣ ትኩሳት፣ ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ክራንች የሚጣለው በቀን ብዛት ሳይሆን በአካሄድ ነው። እግሩ ቀጥ ብሎ ሲነሳ፣ ጉልበቱ ሲዘረጋ፣ ሰውየው ሳያነክስ ሲራመድ ይጣላል። አንተ ዓይነቱ፣ ሜኒስከስ ያልተሰፋለት ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ይደርስበታል። ሜኒስከሱ የተሰፋለት ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው። ክራንቹ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ መታጠፉም በዚያ ጊዜ ከ90 ዲግሪ እንዳያልፍ ይደረጋል። ይህን የምታነቡ ሌሎች ሰዎች የራሳችሁን ሐኪም ትእዛዝ ተከተሉ፤ የዚህን ልጅ አትውሰዱ።

አሁን ወደ ተረከዝህ ልምጣ። ያየኸው ነገር ትክክለኛ ምርመራ ነው፤ እኛም የምንሠራው እሱኑ ነው። ከጉልበትህ በላይ ያለው ጭንህ አልጋው ላይ፣ ጉልበትህና ቅልጥምህ ከአልጋው ጫፍ ውጭ ሆነው በሆድህ ተኛ። ሁለቱ ተረከዞች በቁመት ምን ያህል እንደሚለያዩ አንድ ሰው በማስመሪያ ይለካልህ። አንድ ሴንቲሜትር ልዩነት በግምት አንድ ዲግሪ ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ከተለያየ ጉልበትህ ለመዘርጋት ሦስት ዲግሪ ያህል ጎድሎታል ማለት ነው።

ሦስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ ነው የሚቆመው። ስለዚህ የፊት ጭን ጡንቻ ማረፊያ አያገኝም፤ ከጉልበቱ ፊት ያለው ሕመምም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። በአራት ወር ተኩል ላይ ይህ መጥፋት ነበረበት። ሥራው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በሆድህ ተኝተህ እግርህን ከአልጋው ውጭ አንጠልጥለህ አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ተቀምጠህ ተረከዝህን ዝቅተኛ ወንበር ላይ አድርገህ ጉልበትህን ወደ ታች አሳርፍ። መሳብ ይሰማህ፤ ስለት ዓይነት ሕመም ግን አይሁን። በየሳምንቱ ለካ።

በአራት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ ወይም ስትዘረጋው ከፊት በኩል አንድ ነገር የሚደነቅር ከመሰለህ፣ “ቋ” የሚል ድምፅም ካለ፣ ወደ ቀዶ ሐኪምህ ተመለስ። ከአዲሱ ጅማት ፊት እንደ ትንሽ እባጭ ያለ ጠባሳ የሚበቅልበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሞች ሳይክሎፕስ ይሉታል። ኤምአርአይ ላይ ይታያል። እሱን ማሸት አያጠፋውም፤ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው።

ማሸት ካነሳሁ ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል። ወጌሻ ጋ መሄድ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ግን አዲስ ጅማት የገባበትን ጉልበት በኃይል ማጠፍ፣ መጎተትና ማሸት ጉልበቱን መልሶ ያሳብጠዋል፤ ጅማቱንም ሊያላላው ይችላል። ዘመድ “አንድ ጊዜ ይሽህና ይለቅሃል” ቢልህ እሺ አትበል።

ቀጣዩ ጉዳይ ጭንህ ነው፤ ዋናው ጉዳይም እሱ ነው። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ የጥንካሬ ጊዜ ነው። አንተ ደግሞ ሥራውን ያቆምከው ልክ እዚህ በር ላይ ስትደርስ ነው።

ደረጃ መውጣትህ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ አያስረዳም። ደረጃ ስትወጣ መቀመጫህና ባትህ ያግዛሉ፤ ደህናው እግርም ከታች ይገፋል። ስትወርድ ነው ጉልበቱ የሚታወቀው። በቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ስትወርድ የፊት ጭንህ በእያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ይይዛል። አሁን አንድ ነገር ሞክር። ከ20 ሴንቲሜትር ደረጃ ላይ በተሠራው እግርህ ቆመህ፣ የሌላውን እግር ተረከዝ ቀስ ብለህ መሬት አስነካና ተመለስ። አሥር ጊዜ። ጉልበትህ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ ዳሌህ ወደ አንድ ጎን ከወደቀ ወይም መጨረሻ ላይ ዝም ብለህ ከወረድክ ጥንካሬህ ገና ነው። ስልክ አቁመህ ከፊት ቅረጸው፤ ራስህ ታየዋለህ።

ከዚያ ጥንካሬው በቁጥር መለካት አለበት። ጭንን በሜትር ለክቶ “ሁለት ሴንቲሜትር ቀጥኗል” ማለት አይበቃም። ትልቁ የኮምፒውተር መለኪያ በቅርብህ ከሌለ ቀላል ዘዴ አለ። ጆንያ የሚመዘንበት ዓይነት ተንጠልጣይ ዲጂታል ሚዛን በቂ ነው። ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ የሚያቆይ መሆን አለበት፤ 200 ኪሎ የሚችል ይሁን። የሻንጣ መመዘኛዋ 50 ኪሎ ላይ ስለምታበቃ ለአንድ ጎረምሳ ጭን አትበቃም። የሕክምና አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለህ፤ ጉልበትህ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ሚዛኑን በመሀል አስገብቶ ከኋላ ከአልጋው እግር ጋር ይያያዛል። ገመዱ ከቅልጥምህ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። አምስት ሰከንድ በሙሉ ኃይል እግርህን ለመዘርጋት ትገፋለህ። ደህናውን እግር መጀመሪያ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ትልቁን ቁጥር መያዝ። ይህን ከባለሙያ ጋር አድርገው። 90 ዲግሪ ላይ ሲሠራ አዲሱ ጅማት ላይ የሚያርፈው ጫና ትንሽ ነው፤ ጉልበቱ ወደ መዘርጋቱ በቀረበ ቁጥር ግን ጫናው ይጨምራል። ስለዚህ ማዕዘኑ የዘፈቀደ አይደለም።

የሚመጣው ቁጥር ምን እንደሚሠራ ከአንድ ሰው ጋር ላሳይህ። አምባሳደር አካባቢ ልብስ የሚሸጥ ልጅ ነው። እንዳንተ ከኋላ ጭኑ ነው የተወሰደለት፤ ሜኒስከሱም ደህና ነበር። እኔ ጋ የመጣው አምስተኛው ወር ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፣ አያመውም፣ አያነክስም። ስንለካው ደህናው እግር 62 ኪሎ ገፋ። የተሠራው 41። 41ን ለ62 ስታካፍል 66 በመቶ ነው። ልጁ አላመነኝም፤ እንደገና እንለካ አለ። ለካን፤ ያው ነው። ተረከዙም ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ ይል ነበር።

ያደረግነው ነገር ብዙ ዓይነት አልነበረም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ እግር ብቻ። ሌግ ፕሬስ፣ ሌግ ኤክስቴንሽን፣ ሳጥን ላይ መውጣትና መውረድ፣ ለኋላ ጭንም ሌግ ከርል። እያንዳንዱ አራት ዙር፣ በዙር ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የምር የሚከብዱ እስኪሆኑ ድረስ ክብደት መጨመር። በሁለት እግር ከሠራህ ደህናው ተደብቆ ለተሠራው ይሠራለታል። ብዙ ሰው ጂም ገብቶ ለወራት ለፍቶ ልዩነቱ የማይጠበው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ቀላል ክብደት ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ማንሳት ነው። ያ ያደክማል እንጂ በዚህ ደረጃ የሚፈለገውን ጥንካሬ አያመጣም።

ሌግ ኤክስቴንሽን ላይ “ለኤሲኤል ክልክል ነው” የሚል ሰው ታገኛለህ። ነገሩ የጊዜና የማዕዘን ጉዳይ ነው። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ከ90 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ክልል ያለ ክብደት ይጀመራል፣ ክልሉም በየሳምንቱ ቀስ እያለ ይሰፋል። ከኋላ ጭን የተወሰደለት ሰው ላይ ክብደት ከመጨመር በፊት አሥራ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ጥሩ ነው። አንተ ያንን አልፈሃል። ግን ሁለት ወር ተኩል ስላቆምክ በቀላሉ ጀምረህ ጨምር፤ ባለሙያም ይይህ። የፊት ጭኑን ለብቻው የሚያሠራው ይህ መሣሪያ ነው። ስኳት ብቻ ከሠራህ መቀመጫህ ሥራውን ይወስድበታል።

የልጁ ቁጥር በስድስት ወር ተኩል 48 ለ63 ሆነ፤ 76 በመቶ። ተረከዙ ያን ጊዜ ተስተካክሎ ነበር። ሩጫ ያስጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሩጫ ቢፈጥን የሚፈቀደው ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። መፈቀዱ ግን ለሁሉም አይደለም። የምንጠይቀው የፊት ጭኑ ቢያንስ 70 በመቶ እንዲደርስ፣ ጉልበቱ ሙሉ እንዲዘረጋ፣ ውሃ እንዳይኖረው፣ ያቺ የ20 ሴንቲሜትር ደረጃ አሥር ጊዜ በሥርዓት እንድትሠራ ነው። ውሃውን ራስህ ማየት ትችላለህ። እግርህን ዘርግተህ ጡንቻህን አላላ። ከጉልበትህ ውስጠኛ ጎን ከታች ወደ ላይ በእጅህ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረግ አድርግ። ከዚያ በውጭኛው ጎን ከላይ ወደ ታች ጥረግ። በውስጠኛው ጎን ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ቀስ ብላ ሞላ ካለች ውሃ አለ። በቅጡ ለመልመድ ደህናውንም ጉልበት አብረህ ፈትሽ።

አጀማመሩ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ነው፤ ስምንት ዙር ያህል፣ ቀን እየዘለሉ። ቦታው ለጥ ያለ ይሁን። መስቀል አደባባይ ጠዋት የሚሮጡትን አይተህ እርከኑ ላይ መውጣት ሊያምርህ ይችላል፤ ለአንተ ግን ለጊዜው አይሆንም። ጃን ሜዳም ሣሩ ጉድጓድ ስለሚደብቅ፣ ክረምት ላይም ስለሚያዳልጥ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልመርጠውም። ትሬድሚል ወይም ጥሩ አስፋልት ይሻላል። ከሩጫው ማግሥት ጠዋት፣ ከአልጋ ሳትወርድ፣ ያችን የውሃ ምርመራ ሥራ። ውሃ ከጨመረ ወደ ቀደመው መጠን ተመለስና ሁለት ቀን እረፍ። ካልጨመረ የሩጫዋን ደቂቃ አስረዝም። ጉልበቱ በሌሊት የሚሰጠው መልስ ሜዳ ላይ ከሚሰማህ ስሜት ይታመናል።

ከሩጫ ቀጥሎ ዝላይ ይመጣል። ይህን ባጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ በሁለት እግር ዘሎ በሁለት ማረፍ፣ ከዚያ በአንድ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ አቅጣጫ መቀየር። የምናየው የዝላዩን ርቀት ብቻ አይደለም፤ አስተራረፉን ነው። ጉልበት ታጥፎ፣ ወደ ውስጥ ሳይዞር፣ ያለ ድምፅ። እግሩን ቀጥ አድርጎ ዱብ የሚል ሰው ለሚቀጥለው ደረጃ አልደረሰም። ኤሲኤል አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካህ፣ ስትዞር ወይም ዘለህ ስታርፍ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ስምንተኛው ወር ላይ በአንድ እግር ወደ ፊት አዘለልነው። ደህናው 148 ሴንቲሜትር፣ የተሠራው 139። 94 በመቶ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው 90 ስለሆነ ልጁ “በቃ ጨረስኩ” አለ። ሚዛኑ ላይ ግን 53 ለ64 ነበር፤ 83 በመቶ። እንዴት ሆነ? ወደ ፊት ስትዘል ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ዳሌና ቁርጭምጭሚት ናቸው። ጉልበት ቢደክም እነሱ ይሸፍኑለታል። ስለዚህ በዝላይ ብቻ የሚፈቅድልህ ሰው ካጋጠመህ የጥንካሬውን ቁጥር ጠይቀው። ልጁን አልፈቀድኩለትም። ተቆጣ፤ ይገባኛል። ሌላ ሁለት ወር ሠራ። አሥረኛው ወር ላይ 60 ለ65፣ 92 በመቶ ደረሰ።

አንድ ነገር ልብ በል፤ ደህናው እግሩም ከ62 ወደ 65 ጨምሯል። ይህ ያጋጥማል፤ ሰው ሲታመም ሁለቱም እግር ይደክማልና። ደህናው እግር ከደከመ መቶኛው በውሸት ያምራል። 40 ለ42 ቢሆን 95 በመቶ ነው፤ ግን ሁለቱም ደካማ ናቸው። ለዚህ ነው ደህናውንም አብሮ ማሠራትና ቁጥሩን ከሰውየው ክብደት ጋር ማየት የሚያስፈልገው።

ወደ ጨዋታ ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይጠበቅ የሚባለው ከየት መጣ ብትለኝ፣ በደንብ የሚታወቀው የደላዌርና የኦስሎ ጥናት ነው። ውጤቱ የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። 106 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበት እንደገና የመጎዳት መጠኑ በ51 በመቶ ይቀንስ ነበር። የጥንካሬና የዝላይ ፈተናዎችን ሳያልፉ ከተመለሱት 38.2 በመቶ ዳግመኛ ጉልበታቸው ተጎዳ። አልፈው ከተመለሱት ደግሞ 5.6 በመቶ ብቻ። ጥናቱ ትልቅ አይደለም፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልወስደውም። አቅጣጫው ግን ከማየው ጋር ይስማማል። ለወጣት ተጫዋቾች ደግሞ የበለጠ ይሠራል፤ ወጣት ሲሆኑ ዳግመኛ የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የሚጎዳውም የተሠራው ብቻ አይደለም፤ ደህናው ጉልበት የሚበጠስበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ አንተን በተመለከተ እንዲህ አስባለሁ። ዛሬ ጥንካሬህን አላውቅም። ሁለት ወር ተኩል ስላልሠራህ ከ70 በታች ብትሆን አይገርመኝም። ከዛሬ ጀምረህ በሳምንት ሦስት ቀን ከሠራህ ስድስት ወር ከምናምን ላይ ሩጫ መጀመር ትችል ይሆናል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ወር የዝላይና አቅጣጫ የመቀየር ነው። ከዚያ ብቻህን ከኳስ ጋር፣ ከዚያ ከጓደኞችህ ጋር ያለ ንክኪ ልምምድ። ከዘጠነኛው ወር በፊት ጨዋታ የለም፤ አንተ ዘግይተህ ስለጀመርክ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ወር ሊሆን ይችላል። የአምባሳደሩ ልጅ የመጀመሪያ ጨዋታውን የገባው አሥራ አንደኛው ወር ላይ ነው፤ ያውም ለሃያ ደቂቃ። ሃያ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ አንድ አጋማሽ እያለ ነው የጨመረው። ሙሉ ጨዋታ በአንድ ጊዜ መግባት ድካም ያመጣል፤ ሲደክሙ ደግሞ አስተራረፍ ይበላሻል።

ያልጠየቅከኝን ግን ብዙዎች የሚጠይቁኝን ልጨምር። በርጩማ ላይ ተጎንብሶ መቀመጥ፣ መሬት የሚቀመጡበት መጸዳጃ፣ ስግደትና ሶላት። እነዚህ ሁሉ ጉልበትን ክብደት እንደተሸከመ ጥልቅ ያጥፉታል። ሜኒስከስ ለተሰፋለት ሰው እስከ አራተኛው ወር ገደማ መቅረት አለባቸው። ላንተ ዓይነቱ መታጠፉ ሙሉ ከሆነና ውሃ ከሌለ አሁን ቀስ ብለህ መጀመር ትችላለህ፤ በእጅህ ተደግፈህ፣ ቁጥሩን ቀስ እያልክ እየጨመርክ። ጅማቱ ከጉልበት ሎሚ ሥር የተወሰደለት ሰው ግን ተንበርክኮ ሲያርፍ ለረጅም ጊዜ ሊያመው ይችላል። ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልገዋል፤ ለጊዜው በወንበር መስገድም አለ።

ሌላው ፍርሃት ነው። ፈተናውን ሁሉ አልፎ ሜዳ ላይ እግሩን ለመስጠት የሚሰስት ሰው አለ። እንዲህ ያለውን አልገፋም። ያለ ንክኪ ልምምዱን አስረዝመዋለሁ፣ የተጎዳበትን እንቅስቃሴ በዝግታ እናስደጋግመዋለን፤ ከዚያ በፍጥነት፣ ከዚያ ተከላካይ ቆሞበት። ፍርሃት የሌለው ግን ፈተናውን ያላለፈ ሰው የበለጠ ያሳስበኛል።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርግ። የተረከዝህን ልዩነት ለካ፣ የ20 ሴንቲሜትር ደረጃዋን ቅረጽ፣ አቁመህ የነበረውን ፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ያዝ። ስትሄድ የቀዶ ሕክምና ወረቀትህን ይዘህ ሂድ፤ ጅማቱ ከየት እንደተወሰደና ሜኒስከሱ እንዴት እንደነበር እዚያ ተጽፏል። ባለሙያውን “ጥንካሬዬን በቁጥር ለካልኝ” በለው፤ በየስድስት ሳምንቱም አስለካ። በመሀል ጉልበትህ ከድቶህ ወደ ጎን ከሄደ ወይም ቋ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ልምምዱን አቁም፤ ክራንችህን አውጣና በዚያው ሳምንት ቀዶ ሐኪምህ ይይህ። ቁጥሮቹን ከለካህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ቀጣዩን ስድስት ሳምንት አብረን እናወጣዋለን።